በአንድ ቤት ስንት የሙዚቃ ክፍያ?

በ2025 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ስፖቲፋይ ለሁለት ሰው የሚሸጠው «ዱዎ» የተባለው ፕላን በወር 16.99 ዶላር ነበር። አፕል ሚውዚክ ደግሞ እስከ ስድስት ሰው የሚጠቀምበትን የቤተሰብ ፕላን የሚሸጠው በዚያው በ16.99 ዶላር ነበር። አንዱ ጋ ባልና ሚስት ብቻ የሚሰሙበት ገንዘብ፣ ሌላው ጋ ልጆቹንና አያትንም ይዞ ይገባል። ይህን አስተውለው የሚመርጡ ቤተሰቦች ግን ብዙ አይደሉም። ሰው ቤተሰብ ሆኖ አይመዘገብማ። አባት ሥራ ላይ ሆኖ በስልኩ ይመዘገባል፣ ልጅ ጓደኛው ያለውን አይቶ ይመዘገባል፣ እናት ማስታወቂያው ሲያማርራት የመጣላትን ቁልፍ ትጫናለች። ካርዱ አንድ ቢሆንም ክፍያው በየቀኑና በየስሙ ተበታትኖ ስለሚወጣ ድምሩን ማንም አያየውም።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዋጋዎች በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የነበሩ ናቸው፣ ታክስም አልተጨመረባቸውም። ሜሪላንድ ለምሳሌ ከ2021 ጀምሮ በዲጂታል አገልግሎቶች ላይ 6 በመቶ ታስከፍላለች። ዋጋ ይለዋወጣል፣ በሌላ አገር ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ነው። ስሌቱ ግን ያው ስለሆነ የእርስዎን አገር የዛሬ ዋጋ ቁጥሮቹ ቦታ ላይ መተካት ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የስፖቲፋይን መሰላል እንይ፤ ሦስቱም ደረጃ ያለው እዚያ ነውና። ለአንድ ሰው 11.99፣ ለሁለት ሰው 16.99፣ እስከ ስድስት ሰው ላለው ቤተሰብ 19.99 ዶላር። ከአንድ ወደ ሁለት ለመውጣት 5 ዶላር ይጨመራል፣ ከሁለት ወደ ስድስት ለመውጣት ግን 3 ዶላር ብቻ። ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ የሚሰማ ከሆነ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ዱዎ ይዞ ለሦስተኛው የግል መግዛት 28.98 ዶላር ይወስዳል፣ የቤተሰቡ ግን ያው 19.99 ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆናችሁ ደግሞ የቤተሰቡን መግዛት በወር 3 ዶላር በነፃ መስጠት ነው።

ኩባንያዎቹ ዋጋውን ለስድስት አካፍለው «ለአንድ ሰው 3.33 ዶላር» ብሎ ማሰብን ያበረታታሉ። ይህ ስሌት ትክክል የሚሆነው ስድስቱም ሰው ከዚህ በፊት ይከፍል ከነበረ ነው። በነፃው ስፖቲፋይ ተደስቶ የሚኖር አጎትን በቤተሰቡ ፕላን ውስጥ ማስገባት ምንም አላተረፈም፤ እሱ ድሮም አንድ ሳንቲም አያወጣም ነበር። መቁጠር ያለበት የቤቱ ሰው ሳይሆን ያለዚህ ፕላን የግሉን ይገዛ የነበረ ሰው ነው። ይህን ቁጥር ለማግኘት ጥሩው መንገድ መጠየቅ አይደለም፤ ሲጠየቅ ሁሉም ሰው «እሰማለሁ» ይላልና። በየስልኩ ገብቶ በቅርብ የተሰሙትን ዝርዝር ማየት ይሻላል። የመጨረሻው ዘፈን የተሰማው ከሁለት ወር በፊት ከሆነ መልሱ እዚያው ተጽፏል።

አሁን አንድ ቤት እንስራ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት ሦስት ልጆች አሏቸው እንበል። ትልቋ የ19 ዓመት ልጅ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዶርም ትኖራለች። ወንዱ 15፣ ትንሹ 9 ዓመቱ ነው። አባት ኡበር ስለሚነዳ ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ ስፖቲፋይ ይሰማል፣ 11.99። እናት በቴሌቪዥኑ ዩቲዩብ ላይ ስብከትና ድራማ ትከታተላለች፣ ኩሽናም ገብታ የድሮ ዘፈን ትከፍታለች፤ ማስታወቂያ እንዳያቋርጣት ዩቲዩብ ፕሪሚየም ገዝታለች። ወንዱ ልጅ የግል አፕል ሚውዚክ አለው፣ 10.99። ልጅቱ በተማሪ ዋጋ ስፖቲፋይ ትሰማለች፣ 5.99። በዚህ ላይ የፎቶ ማስቀመጫው አለ። እናት 200 ጊጋባይት አይክላውድ በ2.99፣ አባትና ልጅ ደግሞ ለየብቻ 50 ጊጋባይት በ0.99 ይከፍላሉ።

የእናትን ዩቲዩብ ዋጋ ሆን ብዬ ዘለልኩት። በኢንተርኔት ብሮውዘር ገብቶ ለሚገዛ ሰው 13.99 ዶላር ነው። በአይፎኑ የዩቲዩብ አፕ ውስጥ ሆኖ ለሚገዛ ግን 18.99 ነው። አገልግሎቱ አንድ ነው፣ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንኳ አይጨምርም። ልዩነቱ የሚመጣው አፕል በአፑ በኩል ከሚያልፍ ክፍያ ኮሚሽን ስለሚወስድና ዩቲዩብም ያንን ደንበኛው ላይ ስለሚጨምር ነው። እናት ቁልፉን የተጫነችው አይፎኗ ላይ ስለነበር በዓመት 60 ዶላር ያለ ጥቅም ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ለማወቅ የባንክ ስቴትመንቱን ማየት ይበቃል፤ APPLE.COM/BILL የሚል መስመር ላይ የዩቲዩብ ገንዘብ ተቀምጦ ከተገኘ በአይፎን የተገዛ ነው። ያ መስመር የአፕል ሚውዚኩንም የአይክላውዱንም የሌላ አፕ ክፍያንም አንዳንዴ አንድ ላይ ስለሚይዝ ስቴትመንቱ ብቻውን ዝርዝሩን አያሳይም። ስልኩ ላይ Settings ከፍቶ፣ ከላይ ያለውን ስም ተጭኖ፣ Subscriptions ውስጥ ሲገባ ሁሉም ከነዋጋውና ከነቀኑ ይወጣል። ይህን በቤቱ ባለ እያንዳንዱ አይፎን ላይ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሁሉም ሲደመር ቤቱ በወር 52.93 ዶላር ያወጣል። ፊልም ገና አልተቆጠረም፣ ኔትፍሊክስም የለበትም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዘሎ «የስፖቲፋይ ቤተሰብ ይሻላል ወይስ የአፕል?» ወደሚለው ይገባል። ከዚያ በፊት ግን መደራረብ መኖሩን ማየት ይገባል፤ ትልቁ ገንዘብ የተኛው እዚያ ነው። ዩቲዩብ ፕሪሚየም የገዛ ሰው ዩቲዩብ ሚውዚክንም አብሮ ገዝቷል። ማስታወቂያ የሌለው፣ ስክሪን ሲዘጋም የማይቋረጥ፣ ዘፈን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት መስማት የሚያስችል ሙሉ የሙዚቃ አፕ ነው። ይህች እናት እንግዲህ የሙዚቃ አገልግሎቷን ከፍላ ጨርሳለች፤ በማንኛውም የሙዚቃ የቤተሰብ ፕላን ውስጥ እሷን መቁጠር ስህተት ይሆናል። በዚያ ላይ የኛ ሰው የሚሰማው የድሮ ዘፈንና የሰርግ ቅጂ፣ ከቴሌቪዥን የተቀዳ የበዓል ዝግጅት፣ የቆየ መዝሙር ብዙው የሚገኘው ሰው የግሉን ካሴት ዩቲዩብ ላይ ስለጫነው ነው። ዩቲዩብ ሚውዚክ እነዚያን ጭምር ስለሚያጫውት ለአንድ ሐበሻ ቤት ከሌላው የበለጠ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ፈረንጁ ጎረቤቱ ግን ይህን ልዩነት ላያየው ይችላል።

እንግዲህ ለዚህ ቤት ዋናዎቹን መንገዶች እናስላ። በሁሉም ውስጥ ልጅቱ በተማሪ ዋጋዋ ትቆያለች፤ ዶርም ስለምትኖር የአድራሻ ጣጣ አናመጣባትም። አይክላውዱም በሁሉም አንድ ነው። የእናት 200 ጊጋባይት በአፕል የቤተሰብ ማጋራት ለሌሎቹም ስለሚዳረስ የአባትና የልጅ ሁለት 0.99 ይቀራሉ።

የመጀመሪያው መንገድ አባትን፣ ወንዱን ልጅና ትንሹን በስፖቲፋይ የቤተሰብ ፕላን ማስገባት፣ እናትን ደግሞ ወደ 13.99ኙ ዩቲዩብ ማዛወር ነው። ድምሩ 42.96 ይሆናል። ሁለተኛው ስፖቲፋይን ትቶ ሦስቱን በአፕል ሚውዚክ ቤተሰብ ማስገባት ነው፤ አባት አንድሮይድ ቢይዝም አፕል ሚውዚክ አንድሮይድ ላይ ይሠራል። የእናት ዩቲዩብ ሲጨመር 39.96 ይመጣል። ሦስተኛው የእናትን ዩቲዩብ ወደ ቤተሰብ ፕላን ማሳደግ ነው። ዋጋው 22.99 ሲሆን ገዢዋን ጨምሮ ስድስት ሰው ይይዛል። አባትም ልጆቹም ሙዚቃቸውን ከዚያው ያገኛሉ፣ ማስታወቂያ የሌለው ዩቲዩብም ይመረቅላቸዋል፤ ትንሹ ልጅ ወላጅ በሚቆጣጠረው አካውንት ይገባል። በዚህ ጊዜ ስፖቲፋዩም አፕል ሚውዚኩም ይሰረዛሉ፤ ድምሩ 31.97 ነው። ከ52.93 ጋር ሲተያይ በወር ወደ 21፣ በዓመት 251 ዶላር ከ52 ሳንቲም ይተርፋል።

እዚህ ላይ የሚገርመው የቤተሰቡ ዩቲዩብ ከሦስቱ የቤተሰብ ፕላኖች በዋጋ ትልቁ መሆኑ ነው። ፕላኖቹን ለየብቻ ያወዳደረ ሰው መጀመሪያ የሚጥለው እሱን ነበር። ርካሽ የሆነው ሌሎች ሁለት ክፍያዎችን ስላስቀረ ነው።

ጥቅል የሚባሉትስ? ለዚህ ቤት የቀረበው አፕል ዋን ነው። የቤተሰቡ ጥቅል 25.95 ዶላር ሆኖ አራት ነገር ይይዛል፦ ሙዚቃ፣ 200 ጊጋባይት አይክላውድ፣ የአፕል ቴሌቪዥን ፊልሞችና አርኬድ የሚባሉ ጨዋታዎች። አራቱ ለየብቻ ቢገዙ ከ36 ዶላር በላይ ስለሚሆኑ ማስታወቂያው ይህን ያህል አተረፋችሁ ይላል። ቤቱ የሚፈልገው ግን ሙዚቃውንና አይክላውዱን ብቻ ከሆነ፣ እነዚህ ሁለቱ ለየብቻ 19.98 ናቸው። ጥቅሉን የገዛ ሰው ለማያየው ፊልምና ለማይጫወተው ጨዋታ በወር ወደ 6 ዶላር ጨምሯል ማለት ነው። በሌላ በኩል ቤቱ ውስጥ የአፕልን ፊልም ራሱን ችሎ የሚገዛ ሰው ካለ ፍርዱ ይገለበጣል። ፊልሙ ለብቻው 9.99 ስለነበር ሦስቱ ተለያይተው 29.97፣ ጥቅሉ ግን ያው 25.95 ነው። በነሐሴ 2025 አፕል የፊልሙን ዋጋ ወደ 12.99 ሲያወጣ ጥቅሉን አልነካውም፣ ልዩነቱም 7 ዶላር ገባ። የነጠላው ዋጋ ሲጨምር ጥቅሉ ባለበት ከቆየ ያለፈው ዓመት ኪሳራ ዘንድሮ ትርፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መለኪያው ግን አይለወጥም፦ ጥቅሉ ውስጥ ካሉት ውስጥ ለብቻቸው ቢሸጡ የምገዛቸውን ብቻ ደምሬ ከጥቅሉ ዋጋ ይበልጣሉ ወይ?

የስልክ ኩባንያዎችም ከመስመሩ ጋር አያይዘው ይሸጣሉ። ቨራይዘን ለምሳሌ በአንዳንድ ፕላኖቹ ላይ ዩቲዩብ ፕሪሚየምን በወር 10 ዶላር ያስጨምራል። ለብቻው ለሚኖር ሰው ከ13.99 ይሻላል። ለቤተሰብ ሲታሰብ ግን ይህ የአንድ ሰው አካውንት ነው፤ ሦስት ሰው ሦስት ጊዜ ቢጨምር 30 ዶላር ይሆናል፣ የቤተሰቡ 22.99 እያለ። ይህን ጭማሪ ለማግኘት ተብሎ ወደ ውድ የስልክ ፕላን መዛወርማ ጨርሶ ከሒሳቡ ያስወጣል።

ወደ ሕጉ እንምጣ፤ እኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነውና። እቁብ የለመደ ሰው የቤተሰብ ፕላንም በዘመድና በጓደኛ ተዋጥቶ የሚገዛ ይመስለዋል። አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ አሌክሳንድሪያ፣ አንዱ አትላንታ ሆኖ ስድስቱ ይካፈሉታል። የስፖቲፋይም የዩቲዩብም ደንብ ግን አባላቱ በአንድ አድራሻ እንዲኖሩ ይጠይቃል። ስፖቲፋይ ተጋባዡ ሲገባ አድራሻውን ያስጽፋል፤ ከገዢው አድራሻ ጋር ካልተመሳሰለ አያስገባም። እውነት በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች እንኳ አንዱ የአፓርታማ ቁጥሩን ጽፎ ሌላው ሳይጽፍ ሲቀር የሚመለሱት በዚህ ነው፤ መፍትሔው ገዢው የጻፈውን ፊደል በፊደል መገልበጥ ነው። ዩቲዩብ ደግሞ በ2025 ቁጥጥሩን አጥብቆ፣ ከገዢው ጋር አይኖሩም ብሎ ለጠረጠራቸው አባላት አገልግሎቱ ከ14 ቀን በኋላ እንደሚቆም በኢሜይል ማሳወቅ ጀምሯል። በዚህ ዓይነት የተገኘ ቅናሽ አንድ ቀን ሊቋረጥ ስለሚችል ስሌት ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። አዲስ አበባ ያለች እህትም በአሜሪካ አካውንት የቤተሰብ ፕላን ውስጥ አትገባም፤ ጉግል የቤተሰብ ቡድን አባላቱ በአንድ አገር የተመዘገቡ እንዲሆኑ ይጠይቃል፣ አድራሻውም አይገጥምም።

ሌላው ችኩልነት የሚያስከፍለው ነገር የ12 ወሩ ገደብ ነው። ከአንድ የጉግል ቤተሰብ ቡድን ወጥቶ ሌላ የገባ ሰው ደግሞ ለመቀየር ዓመት መጠበቅ አለበት፤ ስፖቲፋይም ከአንዱ የቤተሰብ ወይም የዱዎ ፕላን ወደ ሌላ መዛወርን በዓመት አንዴ ብቻ ይፈቅዳል። አግብቶ ሊወጣ የተቃረበ ልጅ ወይም ለጥቂት ወር የመጣ እንግዳ ካለ እሱን ሳይቆጥሩ ማስላት ይሻላል። አፕል ላይ ደግሞ የግዢ ማጋራት ከተከፈተ ልጁ የሚገዛው ጨዋታ ሁሉ አደራጅ ተብሎ በተመዘገበው ወላጅ ካርድ ላይ ስለሚወርድ፣ ለትንንሾቹ የፈቃድ ጥያቄውን ማብራት ያስፈልጋል። አለዚያ በወር የተረፈው 20 ዶላር በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

ቅያሪው ራሱ ቅደም ተከተል አለው። የእናት ዩቲዩብ በአፕል በኩል ስለሚከፈል መጀመሪያ ስልኳ ላይ ይሰረዛል። ቢሰረዝም የተከፈለበት ወር እስኪያልቅ ይሠራል፤ ያ ቀን ሲደርስ በብሮውዘር ገብታ የቤተሰቡን ትገዛለች። የአይፎኑን ሳይሰርዙ በብሮውዘር አዲስ ለመግዛት መሞከር ወይ አያሳልፍም ወይም ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆርጣሉ። ከዚያ ለአባትና ለልጆቹ ግብዣ ይላካል። አባት የስፖቲፋዩን፣ ልጅም የአፕል ሚውዚኩን የሚሰርዙት አዲሱ መሥራቱን ካዩ በኋላ፣ የሚቀጥለው ክፍያ ከመድረሱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። አንዳቸው የዓመት ከፍለው ከሆነ ግን መቸኮል አያስፈልግም። አፕል ሚውዚክ ለአንድ ሰው በዓመት 109 ዶላር ነው፤ የተከፈለበት ዓመት እስኪያልቅ ተጠቅሞ ከዚያ መግባት ይቻላል። የተማሪዋ ቅናሽ ደግሞ ቢበዛ አራት ዓመት ነው፣ በየዓመቱም ተማሪነቷ ይጣራል። ተመርቃ ቤት ከተመለሰች በእናቷ ፕላን ላይ ገና ባዶ ቦታ አለ፤ ያኔ 5.99ኙም ይቀራል።

የሚቀረው አባት ነው። ስፖቲፋይ ላይ ዓመታት የሰበሰባቸው የዘፈን ዝርዝሮች አሉት፣ ወደ ዩቲዩብ ሚውዚክም በራሳቸው አይሻገሩም። የሚያሻግሩ የሌሎች ኩባንያዎች አፖች አሉ፤ ነገር ግን ስሙ አንድ ጊዜ በአማርኛ አንድ ጊዜ በላቲን የተጻፈ የአማርኛ ዘፈን ሲያጋጥማቸው ይስታሉ፣ ስለዚህ አንድ በአንድ ማረም ሊኖር ነው። አባት «የኔን አትንኩብኝ» ካለ ሒሳቡ እንደገና ይሠራል። የቤተሰቡን ዩቲዩብ ገዝቶ የአባትን የግል ስፖቲፋይ መተው ቤቱን 43.96 ያደርሰዋል። አባትና ወንዱ ልጅ በስፖቲፋይ ዱዎ ገብተው እናት የ13.99ኙን ዩቲዩብ ብትይዝ ግን 39.96 ነው፤ የዱዎ ቦታው እንዲህ ዓይነት ቤት ነው። ትንሹ ልጅ በዚህ ምርጫ ከማስታወቂያ ጋር ይቀራል። እሱንም ለመጨመር ዱዎውን ወደ ቤተሰብ ማሳደግ 3 ዶላር ብቻ ነው የሚጨምረው።